በሕዝብ ፊት ለቀረበ ስሞታ የነጋዴው መልስ

ቀድሞ አንድ ደንበኛ ከነጋዴው ጋር ሲጣላ ጭቅጭቁን የሚሰሙት በዚያች ሰዓት በባንኮኒው አጠገብ የቆሙት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን የዕቃችንን ሥዕልና ዋጋ በቴሌግራምና በፌስቡክ ስለምናወጣ፥ ቅር የተሰኘ ደንበኛ ስሞታውን ከማስታወቂያችን ሥር ይጽፈዋል፤ የሚያነበውም ያንኑ ዕቃ ለመግዛት ያሰበው ሰው ሁሉ ነው። ስለዚህ ነጋዴው የሚሰጠው መልስ ሁለት አድማጮች አሉት። አንዱ የተቆጣው ደንበኛ ሲሆን፥ ሁለተኛው አንዲት ቃል ሳይናገር ነገሩን የሚመለከተው ገበያተኛ ነው። ከሁለቱም ይልቅ ብዙ ገንዘብ ይዞ የሚጠባበቀው ሁለተኛው ነው።

ይህን ጉዳይ በምክር ብቻ ከመግለጽ ይልቅ፥ በቤቴል በሚገኝ አንድ የውኃ ፓምፕ መደብር የደረሰውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መተረክ ይሻላል። የመልሱን ረቂቅ ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንሁ፥ ምን እንደተጻፈና ምን እንደተሰረዘ በሚገባ ዐውቃለሁ።

መደብሩ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለውን ትንሽ ፓምፕ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣባቸው ቤቶች ይሸጣል። ይህ ፓምፕ ከምድር ላይ ካለው ሮቶ ውኃ እየሳበ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣ ነው። በማስታወቂያው ላይ «የ1 ዓመት ዋስትና አለው» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አንድ ረቡዕ ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከማስታወቂያው ሥር እንዲህ የሚል ቃል ወጣ፦

«ሌቦች ናችሁ! ፓምፑ በ9 ቀኑ ተቃጠለ። ሦስት ጊዜ ብደውል ስልክ የሚያነሣ የለም። ዋስትና የምትሉት ውሸት ነው። ሰዎች፥ ከእነዚህ እንዳትገዙ!»

ጥቂት ቈይቶ ሌላ ሰው «እኔ ነገ ልገዛ ነበር፤ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እንግዲህ ዋናው ነገር በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ ነበረ።

የባለቤቱ ልጅ ነገሩን እንዳየ ወዲያው ሁለት ሐሳብ አቀረበ። የመጀመሪያው ጽሑፉን እንሰርዘው የሚል ነበር። ነገር ግን የተሰረዘ ስሞታ አይጠፋም፤ አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይቀመጥና በሌላ ቦታ «ሰረዙብኝ» ከሚል ቃል ጋር ይወጣል። በፌስቡክ ያለው መሸሸጊያም ቢሆን ጽሑፉን ከሌሎች ይሰውር እንጂ ለጻፈው ሰውና ለወዳጆቹ መታየቱን አይከለክልም። ሁለተኛው ሐሳብ «እርስዎ ራስዎ ያለ ውኃ አሠርተው አቃጥለውት ነው» ብለን እንመልስ የሚል ነበር። ይህ ግምት በኋላ ወደ እውነቱ የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ ይሁን እንጂ በዚያች ማታ ፓምፑን ማንም ስላላየው፥ ነጋዴው ሳይመረምር ደንበኛውን የሚወነጅል ሆኖ ይታይ ነበር። ለገበያተኛው የሚያስተላልፈውም ትምህርት «ዕቃው ቢበላሽብህ አንተንም እንዲህ እንልሃለን» የሚል ነው።

ስለዚህ መልስ ከመጻፋችን በፊት ሁለት ነገሮችን አጣራን። የስልኩ መዝገብ ሲታይ በእርግጥ ሦስት ያልተነሡ ጥሪዎች ተገኙ። የደረሰኙ ቅጂ ሲገለጥም ሽያጩ ከተፈጸመ 9 ቀን መሆኑ ተረጋገጠ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ስለሚፈቅድ፥ ቀኑን ማወቁ ለደንበኛውም ለመደብሩም አስፈላጊ ነበር። ይህ ማጣራት ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ከዚያም የሚከተለው ቃል ወጣ፦

«ጤና ይስጥልን። ሦስት ጊዜ ደውለው ስልካችን ባለመነሣቱ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነው። ፓምፑ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ስላለ መመርመር አለበት። ነገ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ባለሙያችን ቤትዎ ድረስ መጥቶ ሊያየው ይችላል፤ ወይም ከደረሰኙ ጋር ወደ መደብሩ ሊያመጡት ይችላሉ። አድራሻዎን እዚህ ሳይሆን በውስጥ መልእክት ይላኩልን። ፓምፑ በተባለው ቀን ከታየ ውጤቱን እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ እንጽፋለን። የመደብሩ ጸሐፊ።»

የዚህን መልስ አሠራር አንድ በአንድ እንመልከት። ይቅርታ የተጠየቀው በተረጋገጠው ጥፋት፥ ማለትም ባልተነሣው ስልክ ብቻ ነው። ስለ ፓምፑ ይቅርታ ብንጠይቅ ኖሮ ያልታየውን ጉድለት ማመን ይሆን ነበር። በሌላ በኩል «አስቀይመንዎ ከሆነ ይቅርታ» የሚለው የተለመደ አነጋገር እንዲቀር ተደረገ፤ «ከሆነ» የምትለው ቃል ይቅርታውን ወደ ጥርጣሬ ትለውጠዋለችና። «እርስዎ እንደሚሉት» የሚለውም ሐረግ ሰውየውን ሐሰተኛ የሚያስመስል ስለሆነ ተሰረዘ።

«ሌቦች» ለሚለው ስድብ ምንም መልስ አልተሰጠም። ስድቡን «ሌቦች አይደለንም» ብሎ መካድ ቃሉን በራሳችን እጅ ለሁለተኛ ጊዜ መጻፍ ነው። ከስድቡ ውስጥ ሦስቱ ፍሬ ነገሮች ተለቅመው ወጡ፤ እነርሱም ስልኩ፥ ፓምፑና ዋስትናው ናቸው። ለእያንዳንዱም መልስ ተሰጠ።

የአክብሮት አጠራርም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በስልክ መስኮት ላይ የሚታየው ስም ብዙ ጊዜ ወንድ ይሁን ሴት፥ ሽማግሌ ይሁን ወጣት አያስታውቅም። «አንተ» ብንል እናት ልትሆን ትችላለች፤ «አንቺ» ብንልም አባት ሊሆን ይችላል። «እርስዎ» ግን ለሁሉም ይሆናል፤ ደግሞም በቁጣ የተጻፈውን ጽሑፍ ከሥሩ በአክብሮት መመለስ ለተመልካቹ ልዩነቱን ያለ ማብራሪያ ያሳየዋል።

አድራሻው በውስጥ መልእክት እንዲላክ መጠየቁ ነገሩን ለመሸፈን አልነበረም። የሰውን ስልክ፥ የቤት አድራሻ ወይም ደረሰኝ በአደባባይ ማውጣት ለደንበኛው አደጋ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321ም የግለሰብን መረጃ በጥንቃቄ መያዝ ግዴታ አድርጎታል። ነገር ግን «በውስጥ ያናግሩን» ብሎ መጨረስ ለተመልካቹ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ስለዚህ ምስጢሩ ወደ ውስጥ ሲሄድ፥ ውጤቱ በዚያው በአደባባይ እንደሚነገር ቀን ተቈርጦ ቃል ተገባ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እንደሚባለው፥ ቀን ቈርጦ የገባውን ቃል የማይጠብቅ ነጋዴ ባይመልስ ይሻለው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ባለሙያው ሄዶ ፓምፑን ፈታው። የሞተሩ የመዳብ ጥቅል መልኩ እንዳለ ነበር፤ በኤሌክትሪክ የተቃጠለ ቢሆን ጠቁሮና ተሰነጣጥቆ በተገኘ ነበር። የተበላሸው ሜካኒካል ሲል የሚባለው፥ ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚከለክለው ክፍል ነው። ጎማው ደርቆና ጠቁሮ ዘንጉን ይዞት ነበር። ይህ ክፍል የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውኃ ስለሆነ፥ ሮቶው ባዶ ሆኖ ፓምፑ ቢሠራ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይግላል፤ ደንበኛዋ ያሸተቱት የቃጠሎ ሽታም የዚህ ጎማ ነበር። ሮቶው ሌሊት ማለቁን እርሳቸውም አመኑ።

እንግዲህ በዋስትናው ቃል መሠረት መደብሩ ላይከፍል ይችል ነበር። ሆኖም ከፓምፑ ጋር የሚሰጠው ወረቀት ሲነበብ «ያለ ውኃ አታሠራ» የሚለው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ብቻ ተጽፎ ተገኘ፤ ሻጩም በቃል አልተናገረም። ባለቤቱ ይህን ሲሰሙ ሲሉ በመደብሩ ወጪ እንዲለወጥ አዘዙ። ደንበኛዋን አስፈቅደን፥ ስማቸውን ሳንጠራ፥ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንዲህ ጻፍን፦

«ረቡዕ ማታ በገባነው ቃል መሠረት፦ ፓምፑ ተፈትቶ ታይቷል። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ውኃ በሌለበት ሰዓት በመሥራቱ ሲሉ ተበላሽቷል። ይህን ማስጠንቀቂያ ስንሸጥ በአማርኛ መስጠት ሲገባን አልሰጠንም። ስለዚህ ክፍሉን ያለ ክፍያ ለውጠናል፤ ፓምፑም እየሠራ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ተጽፎ ከእያንዳንዱ ፓምፕ ጋር ይሰጣል። ውኃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ እንዲያስገጥሙም እንመክራለን።»

ደንበኛዋ የመጀመሪያውን ጽሑፋቸውን አልሰረዙትም፤ እኛም እንዲሰርዙት አልጠየቅናቸውም። ከሥሩ «ሠርተውልኛል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጨመሩ። «እውነት ነው እንዴ?» ያለው ሰው ግን ቅዳሜ ዕለት ወደ መደብሩ መጥቶ ፓምፑንም ማብሪያ ማጥፊያውንም ገዛ። ስሞታው ከነመልሱ ባይቈይ ኖሮ ይህ ሰው የሚያነበው ነገር ባልኖረው ነበር።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ጥፋቱ በሙሉ የገዢው ቢሆንና መደብሩ ለመክፈል ባይወድ፥ «ጥፋቱ የእርስዎ ነው» ከማለት ይልቅ ምርመራው ያሳየውንና የክፍሉን ዋጋ መጻፍ ይበቃል። በመዝገቡ ውስጥ የማይገኝ ሰው ቢከስም «ይዋሻል» ሳይባል «ሽያጩን በመዝገባችን ስላላገኘነው የደረሰኙን ቁጥር በውስጥ መልእክት ይላኩልን» ይባላል፤ በእውነት የገዛ ሰው ቁጥሩን ለመላክ ብዙ አይቸገርም። ተከሳሹ ፍሬ ነገሩን ከመለሰ በኋላ ከሳሹ በስድብ ብቻ ቢቀጥል፥ ሁለተኛ መልስ ተሰጥቶ ዝም ይባላል፤ ሦስተኛው መልስ ለተመልካቹ ጠብ እንጂ ማስረጃ አይሆነውምና። መሰረዝ የሚገባው ዛቻ፥ ዘርንና ሃይማኖትን የሚነካ ስድብ ወይም የሌላ ሰው ስልክና አድራሻ የተጻፈ እንደሆነ ነው፤ በዚያን ጊዜም ለምን እንደተሰረዘ በአንድ መስመር መግለጽ ይገባል።

በመጨረሻም መልሱን የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። በዚያች ረቡዕ ማታ የባለቤቱ ልጅ በአንድ ስልክ፥ እኔም በሌላ ስልክ ብንመልስ ኖሮ፥ መደብሩ በሁለት አፍ ሲናገር ገበያተኛው ሁሉ ባየ ነበር።