ሰዓቱ ሲጮህ፤ የልብ ምት ደረጃና አረጋውያንን የሚያሳስተው ስሌት

ጎረቤቴ የ70 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ለዓመታት በየማለዳው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ይመለሱ ነበር። ሰሞኑን ግን ሳላያቸው ሁለት ሳምንት አለፈ። ታመው ይሆን ብዬ ልጠይቃቸው ብሄድ ደህና ሆነው አገኘኋቸው።

«ሲስተር፣ ልቤ ከአቅሟ በላይ እየሠራች ነው» አሉና ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን የእጅ ሰዓት አሳዩኝ። ዳገቱን ሲወጡ ሰዓቱ የልብ ምታቸው በደቂቃ 122 መድረሱን ይነግራቸዋል፤ ወዲያው ይጮህና «አራተኛ ደረጃ» ይላቸዋል። በዚህ ፈርተው መራመዱን ትተውታል።

«ጋሼ፣ ሲወጡ ደረትዎን ይይዝዎታል? ያዞርዎታል?» አልኳቸው።

«ኧረ በፍጹም!»

«እያወሩ መውጣትስ ይችላሉ?»

«ከጓደኛዬ ጋር እየተከራከርን ነው የምንወጣው።»

ይህ መልሳቸው ከሰዓቱ ይልቅ ብዙ ነገር ነገረኝ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ልባችን በከፍተኛ ጥረት ጊዜ በደቂቃ ልትመታ የምትችለው የመጨረሻ ቁጥር አለ። የእጅ ሰዓቶቹ ይህን ቁጥር መቶ በመቶ አድርገው ጥረታችንን በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል። ከ50 እስከ 60 በመቶ ያለው በጣም ቀላል፣ ከ60 እስከ 70 ያለው ቀላል፣ ከ70 እስከ 80 ያለው መካከለኛ ነው። ከ80 እስከ 90 ከባድ ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው የአቅም ጥግ ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ያንን የመጨረሻ ቁጥር ለክቶ አለማወቁ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ይገምታል። ለጋሼ 220 ሲቀነስ 70፣ 150 ይሆናል። የ150 ሰማንያ በመቶ 120 ነው። ስለዚህ 122 ሲደርሱ «ከባድ» ብሎ ይጮኻል።

ይህ ስሌት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1971 ከታተመ ጽሑፍ ነው። አዘጋጆቹ አሥር ያህል የቀደሙ ጥናቶችን አይተው በግምት ያወጡት እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው ልክ ይሆናል ብለው የሠሩት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ታናካ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው 351 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ አሮጌው ስሌት የአረጋውያንን የመጨረሻ ምት ዝቅ አድርጎ እንደሚገምት አሳዩ። ያቀረቡት ስሌት ዕድሜን በ0.7 ማባዛትና ውጤቱን ከ208 ላይ መቀነስ ነው። ሁለቱ ስሌቶች በ40 ዓመት ላይ እኩል ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ልዩነታቸው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይሰፋል።

ለጋሼ እናስላው። 70 በ0.7 ሲባዛ 49 ነው። 208 ሲቀነስ 49፣ 159 ይሆናል። የዚህ ሰማንያ በመቶ 127 ነው። ስለዚህ 122 መካከለኛ ደረጃ ውስጥ ነው፤ ጋሼ ያለ አግባብ ነው የፈሩት። ሆኖም ይህም አማካይ ነው። እኩያሞች የሆኑ ሁለት ጤነኛ ሰዎች የመጨረሻ ምታቸው በ20 ቢለያይ አያስገርምም።

ስሌቱ በተቃራኒውም ያሳስታል። አንዲት የ65 ዓመት እናት ለደም ግፊት አቴኖሎል ይወስዱ ነበር። «ምትዎ 108 ካልደረሰ እንቅስቃሴው አይጠቅምም» የሚል ምክር ሰምተው ራሳቸውን ሲያስጨንቁ አዞራቸው። እንደ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶች ልብ በፍጥነት እንዳትመታ ይይዟታል። ጥረቱ ከባድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ 90 ላይ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁለቱንም ስሌቶች ይተዋቸው፤ ቁጥሩ ከፍ እንዲል ብሎ ግን መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ።

ታዲያ በምን እንለካ? በንግግራችን። እየተራመድን ማውራት ከቻልን፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ ካጠረን፣ ጥረቱ መካከለኛ ነው። ጥቂት ቃላት ተናግረን ለመተንፈስ የምናቆም ከሆነ ከባድ ሆኗልና ቀስ እንበል። ሰዓቱን ለማመሳከር ደግሞ እንደቆሙ ወዲያውኑ፣ ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፎ ምቱን 15 ሴኮንድ መቁጠርና በአራት ማባዛት ነው። ሲዘገይ ምቱ ቶሎ ይወርዳል።

ደረት ከጨነቀ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀ፣ ካዞረ ወይም ምቱ ሥርዓት አጥቶ ከተዘበራረቀ፣ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን ቆሞ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል።

የጋሼን ግፊት ለካሁ፤ መድኃኒቶቻቸውንም አየሁ፤ ምት የሚይዝ የለባቸውም። በማግስቱ አብረን ዳገቱን ወጣን። ጫፍ ላይ ስቆጥር በ15 ሴኮንድ 30፣ ማለትም በደቂቃ 120 ሆነ። ሰዓቱ ጮኸ። ጋሼ ግን ወሬያቸውን አላቋረጡም።