የሙከራ ወጥመድና የውጤቱ ዘገባ

ፊሺንግ የታመነ ላኪ መስሎ ሰውን የሚያጠምድ የኢሜይል ማታለያ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2017 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፍላሽ ማጫወቻን የማሻሻያ ጥሪ በመምሰል የስለላ ፕሮግራም ይላክ ነበር። ሠራተኞችን ለማለማመድ ጉዳት የሌለው የሙከራ መልእክት መላክ ይቻላል፤ ውጤቱ ግን እንዴት ይዘገብ?

በደባርቅ 80 ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት አለ እንበል። ለእያንዳንዱ ልዩ ኮድ ያለው አገናኝ ተልኮ 24ቱ ተከፈቱ። ከእነዚህ 4ቱ መልእክቱ በደረሰ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የተከፈቱ ናቸው። ስንመረምራቸው የከፈታቸው ሰው ሳይሆን የኢሜይል ማጣሪያው ሆኖ ከተገኘ፣ የሚቀረው 20 ወይም 25 በመቶ ነው።

ይህን በየክፍሉ ብንዘረዝር፣ 4 ሰዎች ባሉበት ሂሳብ ክፍል «75 በመቶ» ማለት ስም ከመጥራት አይለይም፤ በትንሽ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃልና። ስለዚህ ከ10 ሰዎች በታች ያሉትን ክፍሎች አዋሕደን እንዘግባለን፤ ኮዱን ከስም የሚያገናኘውንም ዝርዝር ቆጠራው እንዳበቃ እንሰርዛለን።

ከከፈቱት ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመን ስንቶች ጠርጥረው እንዳሳወቁና የመጀመሪያው ጥቆማ በስንት ደቂቃ እንደደረሰ ማወቅ ነው። በሙከራ የተዋረደ ሠራተኛ እውነተኛው ጥቃት ሲደርስ ስሕተቱን ይደብቃል፤ በዝምታው የሚያልፈው ጊዜም ለአጥቂው ይሆናል።