ጉዳዩ፦ ስለ ሰነዶቻችን አጻጻፍ

በጥብቅና ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሁሉ ከመውጣቱ በፊት በሕግ ረዳት፣ በተለምዶ ፓራሊጋል በምንላት ባለሙያ እጅ ያልፋል። ውሉን የምትተይበው፣ አባሪውን ገጽ በገጽ የምትቆጥረው፣ ክሱን ይዛ ሬጅስትራር ፊት የምትቆመው፣ ውክልናውን ውልና ማስረጃ የምታስገባው እሷ ናት። ሦስት ጠበቆች ባሉበት ቢሮ ሦስቱም በየልማዳቸው ይጽፋሉ፤ የት የት ላይ እንደሚለያዩ አጥርታ የምታውቀውም እሷው ናት። ስለዚህ ቢሮው የራሱ የአጻጻፍ መመሪያ ይኑረው የሚል ደብዳቤ ለአለቃ የሚጻፍ ከሆነ ከእሷ ቢመጣ ተገቢ ነው።

ችግሩ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ስለ «ወጥነት» እና ስለ «ቢሮው ገጽታ» በጥቅሉ ማውራቱ ነው። ሥራ የበዛበት ጠበቃ አንብቦ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ይልና ወደ ሌላው ወረቀት ያልፋል። እኔ ብጠየቅ ደብዳቤው ከአንድ ውል ይጀምር እላለሁ። ለማሳያ ያህል መግቢያው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለቢሮው ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የሰነዶች አጻጻፍ መመሪያ እንዲዘጋጅ ሐሳብ ስለማቅረብ

በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን በተዘጋጀው የኪራይ ውል ረቂቅ ላይ የአማርኛው ዓምድ ኪራዩ የሚጀምረው ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው ሲል፣ የእንግሊዝኛው ዓምድ ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ይላል። ጥር 1 የሚውለው ግን ጃንዋሪ 9 ነው። በመካከሉ 8 ቀን አለ። የወር ኪራዩ 60,000 ብር በመሆኑ ወሩን ለ30 ቀን ብናካፍለው የ16,000 ብር ልዩነት ይመጣል። ረቂቁ ሳይፈረም ታርሟል፤ ሆኖም ቀኖቹ እንዲነጻጸሩ የሚያስገድድ አሠራር ስለሌለን በሚቀጥለው ውል ላይ ላይታይ ይችላል።»

አለቃው እዚህ ላይ ሲደርስ ጉዳዩ የፊደል ውበት እንዳልሆነ ይገባዋል። ከዚህ በኋላ መመሪያው ምን እንደሚል ማስረዳት ይቻላል።

የቀኑን ነገር ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፣ ብዙ ስሕተት የሚወለደው ከዚሁ ነውና። «8 ቀን መደመር ነው» ብሎ በቃል መያዝ አያዋጣም። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ለዚህ ነው ጥር 1 ቀን 2012 ዓ.ም. የዋለው ጃንዋሪ 10 የነበረው፤ ጥር 1 ቀን 2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ጃንዋሪ 10 ይውላል። ስለዚህ መመሪያው ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ፣ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ተመሳክሮ፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ እንዲጻፍ ያዝዛል። 05/03/2018 የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ኅዳር 5 ይሁን፣ ማርች 5 ይሁን፣ ሜይ 3 ይሁን በምን ያውቃል?

የውል ማብቂያም የራሱ ጣጣ አለው። ከላይ ያየነው ውል «ለአንድ ዓመት የጸና» ብቻ ቢል ጳጉሜን ታከራክራለች፤ ተከራዩ ለዓመት 12 ክፍያ ብቻ እንዳለበት ያስባል፣ አከራዩ የአምስቱን ቀን ለብቻ ይጠይቃል። መመሪያው ማብቂያው በቀን እንዲጠቀስ፣ ይኸውም «እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2019 ዓ.ም.» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ጳጉሜንም በኪራዩ ውስጥ መታሰቧና አለመታሰቧ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገለጽ ቢያዝ ክርክሩ ከመነሻው ይዘጋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የውጭ አገር ሰው ባለበት ውል ላይ «3 ሰዓት» ብቻ አይበቃም፣ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» መባል አለበት።

ከዚሁ የዘመን አቆጣጠር ጋር የሚመጣ ሌላ ወጥመድ በሕግ ጠቀሳ ላይ አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአማርኛ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ በእንግሊዝኛው 213/2000 ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅም በአማርኛ 1156/2011፣ በእንግሊዝኛ 1156/2019 ነው። ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የቀዳ ሰው በአማርኛ ክስ ውስጥ «አዋጅ ቁጥር 213/2000» ብሎ ቢጽፍ ዓይን አይቆረቁርም፤ 2000 ዓ.ም.ም ያለፈ ዓመት ነውና። ዳኛው አዋጁን ያውቁት ይሆናል። ደንበኛው ግን በ2000 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ሕግ አለ ብሎ ይፈልጋል። ደንቡ አጭር ነው፦ በአማርኛ ሰነድ ላይ አዋጅ የሚጠቀሰው ከነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ ተቀድቶ ብቻ ነው። በፌዴራል ሕጎች ላይ ሁለቱ ዓምዶች ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው መሆኑም ለዚህ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

የስም አጻጻፍ የበለጠ ያሳስበኛል፣ ጉዳቱ በቶሎ አይታይምና። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ስናነባቸው አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይይዛቸዋል። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ቢሮው ተከራካሪው ወገን ከዚህ በፊት የራሱ ደንበኛ እንዳልነበረ ማጣራት አለበት። ረዳቷ «ሀይሉ» ብላ ስትፈልግ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው አይወጣላትም። መዝገቡ «የለም» ይላል፣ ጠበቃው ጉዳዩን ይረከባል፣ የጥቅም ግጭቱ የሚታወቀው ተከራካሪው ችሎት ላይ ሲቆም ይሆናል።

መፍትሔው ሁሉንም ሰው በአንድ ፊደል እንዲጻፍ ማስገደድ አይደለም። በሰነድ ላይ የሰው ስም ከመታወቂያው ወይም ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል እንዳለ ይቀዳል፤ አለበለዚያ ውልና ማስረጃ ላይ «ስሙ ከመታወቂያው አይገጥምም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በቢሮው የደንበኞች መዝገብ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይከፈታል። እዚያ ዓምድ ውስጥ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ሁሉ በሀ፣ ሠ በሰ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ በአ፣ ፀ በጸ ይተካሉ። «ፀሐይ» እዚያ «ጸሀይ» ሆና ትገባለች፣ ፍለጋውም የሚካሄደው በዚሁ ዓምድ ብቻ ነው። ይህ ዓምድ ከቢሮው አይወጣም።

ከዚህ ያለፈውን፣ የፊደል መጠኑን፣ የራስጌውን፣ የገጽ ቁጥሩን፣ በአንድ ገጽ መጨረስ ይቻላል። እንዲያውም መመሪያው ከሦስት አራት ገጽ ቢበልጥ ማንም አይከፍተውም። የደብዳቤው ጥያቄም በዚያው ልክ ትንሽ መሆን አለበት፦

«መመሪያው በቅድሚያ በኪራይ ውሎች ላይ ብቻ ለአንድ ወር እንዲሞከር፣ ጠበቆቹ ያልተስማሙበትን ነጥብ እርስዎ እንዲወስኑ፣ ከጸደቀም በኋላ ለውጥ ሲደረግ ቀኑ እየተጻፈ አንድ ቅጂ ብቻ በጋራ ማኅደር እንዲቀመጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

አለቃው ሳይጠይቅ ረዳቷ ራሷ ልታነሣው የሚገባ ነገርም አለ፤ ይኸውም መመሪያው የማይነካው ነው። ከፍርድ ወይም ከሕግ ላይ በትእምርተ ጥቅስ የተወሰደ ቃል፣ ስሕተት ያለበት ቢመስልም፣ እንዳለ ይቀመጣል። ፍርድ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ቅጽ ካለ የሚሞላው በቅጹ ሥርዓት ነው። የተፈረመ ውል አይነካም፤ እርማት ካስፈለገው ተዋዋዮቹ የሚፈርሙበት የማሻሻያ ውል ይዘጋጃል። «ወይም» የሚለው «እና» ቢሆን ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ የግዴታን ይዘት የሚለውጥ ስለሆነ ረዳቷ በኅዳግ ላይ ምልክት አድርጋ ለጠበቃው ትመልሳለች እንጂ በመመሪያው ስም አታርመውም።