የውዝፍ ክፍያ ማመልከቻ አጻጻፍ

ማመልከቻ አንድ ሰው መብቱን ወይም ፍላጎቱን ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ የሚያቀርብበት ደብዳቤ ነው። የሥራ ማመልከቻና የውዝፍ ክፍያ ማመልከቻ በቅርጽ ይመሳሰላሉ፤ በዓላማ ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው ገና ያልተገኘን ነገር ይለምናል፤ ሁለተኛው ተሠርቶበት ሳይከፈል የቀረን ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ የውዝፍ ክፍያ ማመልከቻ ጥንካሬ የሚገኘው ከልመና ቃላት ሳይሆን ከቀን፣ ከሰዓትና ከሒሳብ ነው።

የአዲስ አበባ አጎራባች የሆኑት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። በሰበታ በአንድ የግል ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ የጻፈችው ነው ብለን የምናስበውን የሚከተለውን ማመልከቻ በጥሞና አንብቡ።

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ……… ሆስፒታል አስተዳደር ክፍል
ሰበታ

ጉዳዩ፦ ውዝፍ የተረኝነት አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በሆስፒታሉ የተኝቶ ሕክምና ክፍል ነርስ ስሆን የወር ደመወዜ 10,400 ብር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለሠራሁት ሥራ የሚከተሉት ክፍያዎች አልተፈጸሙልኝም።

1ኛ/ ኅዳር 9፣ 10፣ 16 እና 17 የቀን ሥራዬ በ10 ሰዓት ካበቃ በኋላ በሜትሮኗ ትእዛዝ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሠርቻለሁ። ድምሩ 12 ሰዓት፣ ክፍያው 900 ብር ነው።
2ኛ/ ታኅሣሥ 3፣ 5፣ 10 እና 12 የማታ ሥራዬ በ4 ሰዓት ካበቃ በኋላ በዚሁ ዓይነት ትእዛዝ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሠርቻለሁ። ድምሩ 16 ሰዓት፣ ክፍያው 1,400 ብር ነው።
3ኛ/ በሁለቱ ወራት በሌሎች ቀናት ለፈጸምኳቸው 6 የሌሊት ተረኝነቶች በሥራ ውሌ መሠረት ለእያንዳንዱ 300 ብር፣ በድምሩ 1,800 ብር አበል ይገባኛል።

ስለሆነም በጠቅላላው 4,100 ብር እንዲከፈለኝና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማና ሙሉ ስም)

አባሪ፦ የተረኝነት ፕሮግራም ቅጂ 2 ገጽ፣ የሥራ ውል ቅጂ 3 ገጽ
ግልባጭ፦ ለሜትሮን

አሁን ደብዳቤውን እንመርምር። አመልካቿ የተረኝነት አበልን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ለይታ ጽፋለች። በተለምዶ ሁለቱም «ዲዩቲ» ቢባሉም ምንጫቸው አንድ አይደለም። በዚህ ማመልከቻ አበሉ የመጣው ከሥራ ውሉ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያን ግን ሕግ ይወስነዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 ጊዜ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራው ደግሞ 1.75 ጊዜ ተባዝቶ ይከፈላል።

ሒሳቡ እንዲህ ተሠርቷል። 26 የሥራ ቀናት በ8 ሰዓት ሲባዙ 208 ሰዓት ይሆናሉ። 10,400 ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ክፍያ 50 ብር ይደርሳል። የቀኑ ትርፍ ሰዓት 75 ብር፣ የሌሊቱ 87.50 ብር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። «ብዙ ትርፍ ሰዓት ሠርቻለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ግን ለሒሳብ ሹሙ የሚያባዛው ቁጥር አይሰጠውም።

«በሜትሮኗ ትእዛዝ» የሚለው ሐረግም ለጌጥ የገባ አይደለም። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ በመሆኑ፣ ሠራተኛዋ በራሷ ፈቃድ ቆይታለች የሚል መልስ እንዳይመጣ ያደርጋል። የተረኝነት ፕሮግራሙ ቅጂ በአባሪነት የተያያዘውም ለዚሁ ነው።

በመጨረሻ «በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» የሚለውን ልብ በሉ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ለሚመለከተው አካል ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል። የኅዳር ሒሳብ ኅዳር 30 መከፈል ከነበረበት፣ ጊዜው እስከ ግንቦት 30 ብቻ ነው። ለአስተዳደሩ ማመልከቻ መጻፍ ብቻውን ይህን ቆጠራ አያቋርጥም፤ አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ሲያምን ግን ይቋረጣል። እምነቱ በጽሑፍ ከሆነ ለማስረጃ ያመቻል። አመልካቿ በቃል «ጠብቂ» እየተባለች ግንቦት ቢያልፍባት የኅዳሩን 900 ብር ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስመዝግባ፣ ቁጥርና ቀን ያረፈበትን ቅጂ በእጇ ማስቀረት ይኖርባታል።

ይህ አዋጅ የሚያገለግለው ለግል ሆስፒታል ሠራተኛ ነው። በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ፣ የክፍያውን ልክ ከዚያ ሕግና ከመመሪያዎቹ መፈለግ አለበት። ሦስቱ ከተሞች በኦሮሚያ የሚገኙ በመሆናቸው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀርበው ማመልከቻ በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል።

መልመጃ

1. አመልካቿ ለ3ኛው ተራ ቁጥር ሌሊቶች አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በአንድነት ያልጠየቀችው ለምን ይመስላችኋል?
2. የወር ደመወዙ 8,320 ብር የሆነ በቡራዩ የሚሠራ የግል ሆስፒታል ነርስ በጥር ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 8 ትርፍ ሰዓት ሠርቶ አልተከፈለውም። ሒሳቡን ሠርታችሁ ማመልከቻውን ጻፉለት።