ቢትኮይን ጠባዩን የቀየረበት ወር

ገበያ ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ወጣ ይልና ትንሽ ተመልሶ እንደገና ይወጣል። አዲሱ ጫፍ ካለፈው ጫፍ፣ አዲሱም ወለል ካለፈው ወለል ከፍ እስካለ ድረስ አቅጣጫው ሽቅብ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ቢትኮይን 67 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሶ ወደ 58 ሺህ ተመለሰ። በኖቬምበር 69 ሺህ ሲነካ የቀደመው ጫፍ ተሰበረ፤ ነጋዴዎች የመዋቅር ስብራት ይሉታል፣ ጉዞው መቀጠሉን ይነግራል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን የቀኑ ዋጋ ከ58 ሺህ በታች ዘጋ። የመጨረሻው ወለል ተጣሰ፤ ይህ የጠባይ ለውጥ ነው።

ለውጡ ማስጠንቀቂያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ዋጋው እስከ 59 ሺህ ቢያንሰራራም አሮጌው ጫፍ ጋ አልደረሰም፤ በዲሴምበር መጀመሪያ 42 ሺህ ድረስ ሲወርድ ቁልቁለቱ ለየለት። ዋጋው ወለሉን ለቅጽበት አልፎ ቢመለስ ግን እኔ ስብራት አልለውም፤ የቀኑን መዝጊያ እጠብቃለሁ።