ኬብሉን የሚስበው ማን ነው?

በጂምናዚየም ውስጥ ተቀምጦ የኬብል እጀታን ወደ ሆዱ የሚስብ ስፖርተኛ ስናይ ሥራውን የሚሠራው ክንዱ ይመስለናል። ዋናውን ድርሻ የሚይዙት ግን የጀርባና የትከሻ ጡንቻዎች ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱን እንመልከት።

ላቲሲመስ ዶርሲ የተባለው ሰፊ ጡንቻ ከታችኛው ጀርባና ከዳሌ አጥንት ተነሥቶ፣ በብብት ሥር አልፎ፣ በላይኛው የክንድ አጥንት ላይ ያርፋል። ሮምቦይዶች ክንድን ፈጽሞ አይነኩም፤ አከርካሪን ከስካፑላ፣ ማለትም ከጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ጋር ያገናኛሉ። የኋላ ዴልቶይድ ደግሞ ከዚሁ ስካፑላ ተነሥቶ ወደ ክንድ ይዘልቃል። ስለዚህ ሮምቦይዶች ከመካከለኛው ትራፔዚየስ ጋር ሆነው ስካፑላን ካላጸኑት፣ የኋላ ዴልቶይድ ተደግፎ የሚስብበት መሠረት ያጣል።

አሁን 40 ኪሎ ግራም በቀጥታ በአንድ ኬብል ቀስ ብለን እንሳብ። ኃይሉ 400 ኒውተን ያህል ስለሆነ ለእያንዳንዱ እጅ 200 ይደርሰዋል። ክንዳችን ወደ ፊት ተዘርግቶ ሳለ ኬብሉ በትከሻ መገጣጠሚያ አቅራቢያ ስለሚያልፍ ክንዱን የማዞር አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ስካፑላን ግን ወደ ፊት ይጎትታል። በዚህ ጊዜ የሚቋቋሙት በተለይ ሮምቦይዶችና ትራፔዚየስ ናቸው። ክርናችን ታጥፎ ወደ ጎናችን ሲቃረብ ግን የኬብሉ መስመር ከትከሻው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። 200 ኒውተን በ0.25 ሜትር ሲባዛ 50 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ላቲሲመስ ከመገጣጠሚያው 4 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይስባል ብንል፣ ይህን ብቻውን ለመሸከም 1250 ኒውተን ያስፈልገዋል፤ ይህም እጅ ከያዘው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ክርኑ ከጎን አልፎ ወደ ኋላ ሲሄድ የላቲሲመስ ጉልበት ስለሚቀንስ የኋላ ዴልቶይድ ድርሻ ያድጋል።

ክርኖቻችንን ወደ ውጭ ከፍተን እጀታውን ወደ ደረት ብንስብ ክፍፍሉ ይለወጣል። ላቲሲመስ ክንድን ወደ ታች የሚስብ በመሆኑ በዚህ አቅጣጫ ብዙ አይረዳም፤ ሸክሙ ወደ ትንሹ የኋላ ዴልቶይድና ወደ ሮምቦይዶች ይዞራል። ስለዚህ ክብደቱን መቀነስ ግድ ይላል።

ክብደቱ መብዛቱ በምን ይታወቃል? ክርን ሳይታጠፍ ክብደቱ ከተነሣ፣ የሚሠራው ወደ ኋላ የሚወዘወዘው ወገብ ነው። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ የላይኛው ትራፔዚየስ ሥራውን ተሻምቷል። በመጨረሻም ክርን ወደ ኋላ ሲያልፍ የትከሻ ጫፍ ወደ ፊት ከተንከባለለ፣ ስካፑላን ይዘው መቆየት የነበረባቸው ሮምቦይዶች ለቀውታል ማለት ነው።