«ከሰኞ ጀምሮ እስከ 4 ነን»፦ የጥድፊያ መልእክት እንዴት ማስታወቂያ ይሆናል?

አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ሠራተኞች በሁለት ሽፍት የሚሠሩበት አንድ ሱፐርማርኬት አለ እንበል። የጠዋቶቹ ከ1 እስከ 9 ሰዓት፣ የከሰዓቶቹ ደግሞ ከ7 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይሠራሉ። ማክሰኞ ማታ ባለቤቱ ሱፐርቫይዘሩን ጠርቶ «ማታ አንድ ሰዓት እንጨምር» ይለዋል። ሱፐርቫይዘሩም ታክሲ ውስጥ ሆኖ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንዲህ ይጽፋል፦

«ሰላም ልጆች ከሰኞ ጀምሮ እስከ 4 ነን»
«የከሰዓቶቹ 8 ግቡ»
«ጠዋት እንዳለ ነው»
«አዲሷ ልጅ ወደ ማታ ትዞራለች»
«ሂሳብ ዘግታችሁ ውጡ»
«ትራንስፖርት እያየሁት ነው»
«እሁድ ያው»

ሁሉም «እሺ» ይላል። ሁሉም የተረዳው ግን አንድ ነገር አይደለም። አንዷ 4 ሰዓት ላይ ከሱቅ ወጥታ ወደ ቤት እንደምትሄድ ለቤተሰቧ ተናግራለች፤ ሌላው 4 ሰዓት ላይ በሩ ተዘግቶ ሂሳቡ ከዚያ በኋላ እንደሚቆጠር ነው የገመተው። እነዚህን ሰባት መስመሮች ወደ ማስታወቂያ መቀየር ፊደል ማረምና «ክቡራን ሠራተኞች» ብሎ መጨመር ይመስላል። ዋናው ሥራ ግን እያንዳንዱ መስመር የዘለለውን ነገር ፈልጎ ማግኘትና መልሱን ከባለቤቱ ማስወሰን ነው። ያልተወሰነ ነገር አሳምሮ ቢጻፍም ያልተወሰነ ነው።

ከባዱ መስመር የመጀመሪያው ነው። «እስከ 4» ማለት ደንበኛ የሚስተናገደው እስከ 4 ነው ወይስ ሠራተኛው የሚወጣው 4 ላይ ነው? እስካሁን በሩ 2፡30 ላይ ይዘጋና ካሸሯ ገንዘቡን ቆጥራ፣ ከማሽኑ ሪፖርት ጋር አመሳክራ፣ ሁሉም 3 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። አሁን በሩ 4 ላይ ከተዘጋ ቆጠራው 4፡30 ያበቃል። 8 ሰዓት ላይ ለገባ ሠራተኛ ይህ ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ በዚህ ሱቅ የእራት ግማሽ ሰዓቱ ከሥራ ሰዓት ጋር የሚታሰብ ነውና።

እዚህ ላይ ሕጉ ይመጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት ደግሞ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። አንድ ሠራተኛ በሰዓት 40 ብር ያገኛል ብንል፣ የማታው ትርፍ ሰዓት 70 ብር ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት በስድስት ቀን ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ለአንድ ሰው በሳምንት 210 ብር ማለት ነው። በዚያ ላይ አዋጁ ትርፍ ሰዓት የሚፈቅደው እንደ አደጋ፣ አጣዳፊ ሥራ ወይም የቀረ ሠራተኛን መተካት ባሉ ምክንያቶች ነው። በየማታው የሚደረግ የሂሳብ ቆጠራ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንድትሠራ መመደብ አይፈቀድም።

ሱፐርቫይዘሩ ይህን ይዞ ባለቤቱን «በሩ ይዘጋ የተባለው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ውሳኔው ይጠራል፦ በሩ 3፡30 ይዘጋል፤ ቆጠራው እስከ 4 ያልቃል፤ 4 ላይ ሁሉም ይወጣል። ፈረቃው ልክ ስምንት ሰዓት ይሆናል፤ «ሂሳብ ዘግታችሁ ውጡ» የሚለውም አብሮ ተፈታ።

ቀጥሎ «ጠዋት እንዳለ ነው» ይላል። የመግቢያና የመውጫው ሰዓት በእርግጥ አልተነካም። ነገር ግን የጠዋቶቹ እስካሁን ምሳ የሚወጡት ከ7 እስከ 8 ባለው ጊዜ ነበር፤ የከሰዓቶቹ 7 ላይ ስለሚገቡ ሱቁን ይይዙላቸዋል። አሁን የከሰዓቶቹ የሚገቡት 8 ላይ ነው። ሰኞ 7 ሰዓት ላይ ሦስቱም እንደ ልማዳቸው ምሳ ቢወጡ ሱቁ ውስጥ ሰው አይኖርም። የፈረቃ ለውጥ እንዲህ ነው፤ ያልተነካ በሚመስለው ወገን በኩል ይመጣል። ስለዚህ የጠዋቶቹ ምሳ ከ6 እስከ 7፡30 ባለው ጊዜ በየተራ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። ከ8 እስከ 9 ያለው ሰዓት ደግሞ ሁለቱም ፈረቃ አብሮ የሚገኝበት ስለሆነ ለርክክብ ይውላል።

«አዲሷ ልጅ ወደ ማታ ትዞራለች» የሚለው ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛው፣ እሷ ማታ ከሄደች ጠዋት የእሷን ካሽ ማን ይይዛል? መልሱ የማታዋ ካሸር ናት፤ ግን ማንም አልነገራትም። ሁለተኛው፣ መቼ? የማታዋ ካሸር እሁድ ምሽት 3 ሰዓት ወጥታ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ብትገባ መካከል ላይ አሥር ሰዓት ብቻ ይቀራል፤ መንገዱና እራቱ ሲቀነስ እንቅልፉ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት ነው። የዚህች ካሸር የሳምንት ዕረፍት ሰኞ ስለሆነ ቅያሬው ማክሰኞ ቢጀመር ዕረፍቷ መሀል ላይ ይገባል። ከማታ ወደ ጠዋት የሚዞር ሰው ሲኖር ቅያሬውን ከዕረፍት ቀኑ ማግሥት ማድረግ ቀላሉ ዘዴ ነው።

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው። «እሁድ ያው» ሲመረመር የእሁድ ሰዓት አይቀየርም፣ የዕረፍት ተራም አይቀየርም ማለት ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው። ትራንስፖርቱ ገና ስላልተወሰነ ማስታወቂያው ተስፋ አይሰጥም፤ ውሳኔው የሚነገርበትን ቀን ይናገራል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ሰዓቱ። ሠራተኛው «4 ሰዓት» ይላል፣ የአሻራ ማሽኑና የካሽ ሬጅስተሩ ደግሞ 22፡00 ይመዘግባሉ። በወር መጨረሻ «ዘግይተሃል፣ አልዘገየሁም» የሚል ክርክር እንዳይነሳ ሁለቱም አብረው ይጻፋሉ። «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ምሽት» የሚሉት ቃላትም ከቁጥሩ አይለዩም። «ከሰኞ» የሚለውም ቀንና ዓመተ ምሕረት ይጨመርበታል።

እንግዲህ ሰባቱ መስመሮች ይህን ይሆናሉ፦

ቀን፦ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማስታወቂያ

ለሱፐርማርኬቱ ሠራተኞች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የፈረቃ ሰዓት ለውጥን ይመለከታል

ከሰኞ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሱቁ የምሽት መዝጊያ ሰዓት ስለተራዘመ የፈረቃ ሰዓት እንደሚከተለው ተስተካክሏል።

1. የከሰዓት ፈረቃ፦ መግቢያ ከሰዓት 8፡00 (በማሽኑ 14፡00)፣ መውጫ ከምሽቱ 4፡00 (22፡00)። ለደንበኛ በር የሚዘጋው ከምሽቱ 3፡30 (21፡30) ነው። የሂሳብ ቆጠራ ከ3፡30 እስከ 4፡00 ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል።

2. የጠዋት ፈረቃ፦ መግቢያና መውጫው አልተቀየረም፤ ከጠዋቱ 1፡00 (7፡00) እስከ ከሰዓት 9፡00 (15፡00) ነው። የምሳ ዕረፍት ግን ከቀኑ 6፡00 እስከ 7፡30 ባለው ጊዜ በየተራ፣ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይወጣም።

3. ርክክብ፦ በየቀኑ ከሰዓት ከ8፡00 እስከ 9፡00 ይካሄዳል።

4. የካሸሮች ቅያሬ፦ ስማቸው ከዚህ ማስታወቂያ ጋር በተያያዘው ሠንጠረዥ የተመለከተው ሁለት ካሸሮች ከማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን ጀምሮ ፈረቃ ይለዋወጣሉ። ቅያሬው ቋሚ ነው።

5. እሁድ፦ የእሁድ የሥራ ሰዓትና የሳምንት ዕረፍት ተራ እንደነበረ ይቀጥላል።

6. ትራንስፖርት፦ ከምሽቱ 4፡00 በኋላ የመጓጓዣ ችግር ያለባችሁ እስከ ዓርብ መስከረም 30 ቀን ለሱፐርቫይዘሩ አስታውቁ። ውሳኔው ቅዳሜ ጥቅምት 1 ቀን ይለጠፋል።

በአዲሱ ሰዓት መሥራት የማያስችላችሁ ምክንያት ካለ እስከ ዓርብ መስከረም 30 ቀን ሱፐርቫይዘሩን በግል አነጋግሩ።

ሱፐርቫይዘር (ስምና ፊርማ)

ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት አንድ ፈተና ማለፍ አለበት። ማክሰኞ ማታ ግሩፑን ላላየ፣ ዕረፍት ላይ ለነበረ ሠራተኛ ይሰጠውና «ሰኞ ስንት ሰዓት ትገባለህ? ስንት ሰዓት ትወጣለህ? የማይመችህ ከሆነ ለማን፣ እስከ መቼ ትናገራለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ከሦስቱ አንዱን «መሰለኝ» ብሎ ከመለሰ ያ መስመር ገና አልተጻፈም። ከጸደቀ በኋላ በሠራተኞች መግቢያ በር ላይ ይለጠፋል፣ ፎቶው ግሩፑ ላይ ይላካል፣ እያንዳንዱ ሠራተኛም ማንበቡን በሥሩ ይፈርማል።

የማስታወቂያው አቅም ግን ገደብ አለው። በአንድ ሠራተኛ የሥራ ውል ላይ «የሥራ ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 9» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ውሉን አይለውጥም። ውሉ የሚሻሻለው በሁለቱ ወገኖች የጽሑፍ ስምምነት፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ነው። ወደ ማታ የምትዞረዋ አዲሷ ካሸር ውሏ እንዲህ የሚል ከሆነ ከማስታወቂያው በፊት የሚያስፈልገው ከእሷ ጋር ተነጋግሮ መፈራረም ነው። «ማንበቤን አረጋግጣለሁ» ብላ የፈረመችው ፊርማም ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም።

ሱፐርቫይዘር ከሆናችሁ ሽፍት ስትቀይሩ ቴሌግራሙ ላይ «የሰዓት ለውጥ አለ፣ ዝርዝሩ ነገ ይለጠፋል» ብቻ ብላችሁ ጻፉ፤ ጥያቄዎቹን በማግሥቱ ከባለቤቱ ጋር ጨርሱ። ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ «እስከ 4» ሲባል «እሺ» ከማለታችሁ በፊት «በሩ ነው ወይስ እኛ?» ብላችሁ ጠይቁ።